ረጅሙ ፓስወርድና የባሌ አውራ ጣት

እኔ ታይፒስት ነበርኩ። ነበርኩ የምለው ጡረታ ስለወጣሁ ነው እንጂ ጣቶቼ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። ሰው ሲያወራ ጠረጴዛው ላይ እየጻፉ ይከተሉታል። ዜና ሲነበብ ጉልበቴ ላይ ይጽፋሉ። ባሌ በዚህ ሲስቅብኝ ነው የኖረው። ስሜን ትቶ "መኪናዋ" ነው የሚለኝ፤ የጽሕፈት መኪና ለማለት ነው። ስቆጣ ደግሞ "አቤት! መኪናዋ ተነሳች" ይላል። እቆጣለሁ፣ አልደብቅም። ቤት የሚቆመው አንድ የሚቆጣ ሰው ሲኖርበት ነው ብዬ አምናለሁ።

እሱን ደግሞ ሰፈሩ "ጋሽ መቀስ" ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ፣ አባት አስተካክሎ ልጁን፣ ልጁ ሲያገባ ደግሞ የልጁን ልጅ አስተካክሏል። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ፎጣው ከእጁ ወደቀ። ላነሳው ብሎ እጁ እምቢ አለው። ስትሮክ ነው አሉን። እግሩ ቶሎ ተመለሰለት። አፉማ መቼ ሄደና! ቀኝ እጁ ግን፣ ያ መቀስ እንደ ወፍ የሚያስጮኸው እጅ፣ ጭኑ ላይ ተጋደመ።

እጁን የምታሠራለት ፊዚዮቴራፒስት ልጅ እግር ናት፤ ግን ፊት አትሰጥም። "እጁ ይንቀሳቀሳል፤ እሱ ነው የተወው" አለችኝ። "ካላሠራው መሥራቱን ይረሳል።" ይሄን ስትል እሱን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። "እርስዎም ትንሽ ይተዉለት እንጂ" አለች።

ደሜ ፈላ። እኔ ምን አደረግኩት? ሸሚዙን ቆለፍኩለት። ዳቦውን ቆረስኩለት። ፂሙን ላጨሁት፣ ያውም ለባለሙያ! ብርጭቆ ላነሳ ብሎ እጁ ሲንቀጠቀጥ ማየት አልችልም፤ ቀድሜ አንስቼ እሰጠዋለሁ። ሚስት እንግዲህ ለምንድን ነው? ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችው የስፖንጅ ኳስ ግን መሳቢያ ውስጥ አቧራ ይጠጣል። "ኳስ የምጨምቅ ሕፃን ነኝ እንዴ?" ብሎ አንድ ቀንም አልነካው።

ያን ሰሞን አንድ ነገር ወሰነ። እኔንም አላማከረኝ። ምሳ ላይ፣ በግራ እጁ ሾርባውን እየቀዘፈ፣ "ሰኞ የሱቁን ቁልፍ ለባለቤቱ አስረክባለሁ" አለኝ። ማንኪያዬ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ያ ሱቅ ከሄደ ባሌም አብሮት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ መስኮት የሚያይ ሰው ይሆናል። እንደ ልማዴ ጮህኩበት። እሱም ሾርባውን መቅዘፉን ቀጠለ። ሌሊቱን አለቀስኩ፣ ጠዋት ዓይኔን ታጠብኩና ለልጃችን ደወልኩ።

ሚጢ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ሌላ ከተማ ነው። አሁን ትልቅ ሴት ብትሆንም ለኛ ሚጢ ናት። ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ የኔን ልብ እንጂ የኔን እንባ አልወረሰችም። "እማ፣ የድሮውን ጌም በአውቶቡስ እልከዋለሁ" አለችኝ። "አዲስ ገዝቻለሁ፤ እሱ ዝም ብሎ ቁጭ ብሏል።"

ተማሪ ሳለች እሁድ እሁድ ከአባቷ ጋር እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ኳስ የሚጫወቱበት ጌም ነው። ሁልጊዜ ታሸንፈዋለች። እሱ ደግሞ ዳኛው ተገዝቷል ይላል። የማሽን ዳኛ! አሁን እሷ እዚያ ሆና፣ እሱ እዚህ ሆኖ፣ በኢንተርኔት አንድ ሜዳ ላይ ሊጋጠሙ ነው።

ካርቶኑ ቅዳሜ ደረሰ። እሁድ ጠዋት ደወለች። "አካውንቱንም ጨዋታውንም አስተካክያለሁ። የቀረው ከዋይፋይ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ፓስወርዱ ራውተሩ ሥር ተለጥፏል። ከሰዓት ከሥራ ስወጣ እኔም ጨዋታው ላይ እገባለሁ። ግን እማ፣ ፓስወርዱን አባ ራሱ ያስገባው። አደራ።"

"እሺ" አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ባሌ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ካርቶኑን በጎን ዓይኑ ያያል። "አሻንጉሊት ላከችልኝ" አለ። "ካልሠራ ከነካርቶኑ ይመለስላታል።" ግን እጁን ሲያሻሸው አየሁት፤ ግራው ቀኙን ቀስ አድርጎ ሲዳብሰው። ልቤ ዘለለች።

ገመዶቹን ሰካሁ። ራውተሩን ገልብጬ ሥሩ የተለጠፈውን የወረቀት ቴፕ አየሁ፤ የሚጢ እጅ ጽሑፍ። ሚጢ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ነበር ያንን ፓስወርድ ያወጣችው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋያችንን እየጠባ አላሠራ ስላላት። ስልኮቻችንን ራሷ አገናኝታ ሄደች፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልጻፈውም። በላቲን ፊደል፣ አንዱ ካንዱ ተጣብቆ፣ ከቴፑ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ ሁለተኛ መስመር ገብቷል። "ኸረ ይሄ ምኑ ነው!" አልኩ። "የባቡር ሐዲድ ነው እንዴ?"

ቴሌቪዥኑ ላይ የኔትወርኮች ዝርዝር ወጣ። የጎረቤቱ ሁሉ አለ። የኛን መረጥኩ፤ ፓስወርድ ጠየቀ፤ ከታች የፊደል ሰሌዳ ብቅ አለ። ሳየው ሳቄ መጣ። የማውቃት ሰሌዳ ናት! ዓይኔን ጨፍኜ የምጽፍባት። ግን ለካ አሥር ጣት እዚህ አይሠራም። ጆይስቲኩ ላይ በግራ በኩል ባሉት ቀስቶች፣ ፊደሉን የምታደምቀውን ብርሃን ከፊደል ፊደል ማራመድ ነው፤ የፈለግሽው ላይ ስትደርሺ በቀኝ በኩል የመስቀል ምልክት ያለበትን ቁልፍ መጫን። እንደገና ማራመድ፣ እንደገና መጫን። ጣቶቼ ተሰለፉ፣ ተራ የደረሰው ግን ለአውራ ጣት ብቻ ነው። ቢሆንም ቶሎ ገባኝ። ማጥፊያውና ባዶ ቦታ መተዊያው አጠገብ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ ካሬ ያለበት ቁልፍ ያጠፋል፣ ሦስት ማዕዘን ያለበት ቁልፍ ቦታ ይተዋል። እኔ ደግሞ አንዴ ያየሁትን ቁልፍ አልረሳም።

"ለኔ አይደል እንዴ የተባለው?" አለ ባሌ ከሶፋው።

"ቁጭ በል አንተ፤ እኔ ላድርስልህ።"

ቴፑን ከራውተሩ ልጬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ፊደሉ ሲገባ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ሙያዬ ነው፤ ታይፒስት ቃል አያነብም፣ ፊደል ነው የሚገለብጠው። የአለቃን ጽሑፍ ትርጉሙን እያየሽ ብትጽፊ ስህተት ትሠሪያለሽ። ጨረስኩ፣ አውራ ጣቴን ጠብ አደረግኩ፣ "እሺ" የሚለውን ተጫንኩ። አንዲት ክብ ነገር ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች።

መገናኘት አልተቻለም። ፓስወርዱ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ።

"እኔ!" አልኩ። "እኔ ፊደል ልሳሳት?"

እንደገና ሞከርኩ። አልሆነም። ፓስወርዱን አሳይ የሚለውን መረጥኩና ነጥቦቹ ፊደል ሆኑ። ከቴፑ ጋር አመሳከርኩ፤ ያውም እንደ ሙያዬ፣ ከኋላ ወደ ፊት። ከፊት ስታነቢ ዓይን ያታልላል፣ ያልተጻፈውን ተጽፏል ይልሻል። ከኋላ ግን አያታልልም። አንድም የሳተ የለም። "እሺ" አልኩት። እምቢ አለ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ስልኬን አየሁ፤ ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ቁጭ ብሎ ይሠራል። ሁሉንም አጥፍቼ ከሀ ጀመርኩ። አሁንም ያው ነው። ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት።

"አቤት! መኪናዋ ተነሳች" አለ ባሌ። ግን አልሳቀም። የሶፋውን መደገፊያ ተደግፎ ብድግ አለ። "በቃ ተዪው። ካልሆነ አልሆነም። ልተኛ።"

ወደ መኝታ ቤት ሲሄድ ጀርባውን አየሁት። ሰኞ ቁልፉን ሲያስረክብ እንዲሁ እንደሚሄድ ታየኝ። ያን ጊዜ ቁጣው ጠፋና ፍርሃት ያዘኝ፤ እውነተኛ ፍርሃት። ለሚጢ ደወልኩ። ሥራ ላይ ስለሆነች በሹክሹክታ ነው ያነሳችው።

"ልክ ያልሆነ ፓስወርድ ነው የሰጠሽን!" አልኳት።

"ልክ ነው። ማነው ያስገባው?"

ጆይስቲኩን ከሶፋው ላይ አነሳሁ።

"እማ! ማነው ያስገባው?"

"ታዲያ እኔ ነኝ፣ ማን ይሁን? እሱ በዚያ እጁ እስኪጨርስ ይመሻል!"

"ይምሽ! ለሱ ነው የላክሁት። እማዬ፣ ስለ ፈጣሪ፣ ለሱ ስጪውና እጅሽ ላይ ተቀመጪበት።" ስልኩ ተዘጋ።

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለችኝን ልጅ መልሼ ደውዬ ልክ ልኳን እነግራት ነበር። ግን የፊዚዮቴራፒስቷ ዓይን ትዝ አለኝ። መሳቢያ ውስጥ ያለው ኳስ ትዝ አለኝ። እጁ ብርጭቆ ላይ ሳይደርስ የኔ እጅ ስንቴ እንደደረሰ ትዝ አለኝ።

መኝታ ቤት ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። "ና" አልኩት፣ "አንተ ሞክረው።"

"አንቺ ያቃተሽን እኔ?"

"አዎ፣ አቃተኝ። እባክህ ና።"

ቀና ብሎ አየኝ። አቃተኝ የሚለውን ቃል ከኔ አፍ ሰምቶ ስለማያውቅ መሰለኝ። ተነሳ።

ጆይስቲኩን በግራ እጁ ያዘ፤ ቀኙን ራሱ በግራው እየረዳ ላዩ ላይ አስቀመጠው። ቴፑን ጠረጴዛው ላይ ከፊቱ ዘረጋሁለት። እኔ የጻፍኩትን አጠፋሁና፣ እሱ የሚያስገባው በነጥብ ሳይሆን በፊደል እንዲታየው አደረግኩለት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ልጄ እንዳለችኝም እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው።

ግራው ቀላል ነው፤ ብርሃኗን ወስዶ ፊደሉ ላይ አቆማት። ቀኝ አውራ ጣቱ ግን ተንቀጠቀጠ፣ ወደ መስቀሏ ቁልፍ ተንሸራተተ፣ ቆመ። ግንባሩ ላበ። ከሥሬ ያሉት እጆቼ ሊፈነዱ ነው። ልጫንልህ እንዴ? የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ተጫነ። አንድ ፊደል ገባ።

"አየሽ?" አለኝ።

"አየሁ።"

ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ጣቱ ደንግጦ ሁለቴ ነካውና ፊደሉ ድርብ ሆነ። የማጥፊያዋ ቁልፍ ሩቅ ሆነችበት፤ አውራ ጣቱ እዚያ ድረስ አይዘረጋም። ትንሽ አሰበና ብርሃኗን በግራው እየመራ ሰሌዳው ላይ ወዳለው ማጥፊያ ወሰዳት፣ በዚያችው በሚደርስባት መስቀል ትርፉን ፊደል አጠፋው። "ብልጥ!" አልኩት። "ፀጉር አስተካካይ ነኝ እኮ፣ የበዛ ነገር መቁረጥ አውቃለሁ" አለ።

እሱ እንደኔ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ያነባል። ፊደሎቹን ባስገባ ቁጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ድንገት ቆመ።

"ስሚ እስቲ፣ ይሄ አማርኛ አይደለም እንዴ?"

"የምን አማርኛ?"

"ይኸው! የ... አባቴ... 'የአባቴ' ይላል!"

ቴሌቪዥኑን አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ አነበብኩት። እውነቱን ነው። ቀጠለ፤ አሁን ጣቱ ሳይሆን እሱ ነው የቸኮለው። ሁለት ፊደል፣ እጅ። ከዚያ አራት ፊደል። ከዚያ ሦስት። ድምፁ እየቀጠነ አነበበው።

"የአባቴ እጅ ወርቅ ነው።"

ሚጢ ይሄን የጻፈችው እጁ ጤነኛ ሳለ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ራውተሩ ሥር ተለጥፎ፣ በዚያ ቃል ተከፍቶ ነው ስልካችን ሁሉ ሲሠራ የከረመው። ባሌ ቀኝ እጁን አየው። እንደ ሰው አየው፤ እንዲያ ሲያየው ከታመመ ወዲህ አላየሁም። ዓይኑ ሞላ። የኔማ ቀድሞ ፈሷል።

"ቀጥል፣ ገና ነው" አልኩት አፍንጫዬን እየሳብኩ። "ሌላ አለው።"

ቀጠለ። "የናቴ..." አለ። ልቤ ሞቅ አለ፤ መቼም እኔንም አትረሳም። "የናቴ... አፍ..."

"አፍ?"

"አፍ ነው የሚለው። ቆይ። የናቴ... አፍ... ግን..."

"ግን ምን?"

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያመመው መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው! ጆይስቲኩ እጁ ላይ እየዘለለ፣ እንባው እየወረደ፣ "እሳት!" አለ። "የናቴ አፍ ግን እሳት!"

"ይቺ ባለጌ!" ብዬ ጮህኩ። "ትምጣ ብቻ! እሳቱን አሳያታለሁ!" እሱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔም ያዘኝ፤ ሶፋው ላይ እስክንደፋ ሳቅን። በዚህ ቤት እንዲህ ከተሳቀ ስንት ጊዜው!

በሳቁ መሐል እጆቼ ከጭኔ ሥር ወጥተዋል። እሱ ተረጋግቶ የመጨረሻዋን ቃል፣ "ነው"ን አስገባ። የመጨረሻዋ ፊደል ገባች። ልክ ያን ጊዜ የኔ አውራ ጣት፣ ማንም ሳያዘው፣ ሶፋው ላይ ጠብ አለ።

ጣቴን አየሁት። ጠብ። ወይኔ! በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ነገር ጽፌ በጨረስኩ ቁጥር የማደርጋት ናት፤ ቃል አልቋል፣ ቦታ ተዪ። አሁንም እዚያች ሦስት ማዕዘን ላይ በየጊዜው ጠብ ሳደርጋት ነበር! ከመጨረሻው ፊደል ኋላ አንድ ባዶ ቦታ። ባዶ ቦታ ደግሞ ለዓይን አይታይ፤ ከፊትም ከኋላም ብታመሳክሪ አታገኚውም። ማሽኑ ግን እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። ከኔ በላይ ስህተት ለቃሚ የለም ስል፣ ለካ ስህተቱ ራሴ ነኝ።

"አትንካት!" ብዬ ጮህኩ።

ባሌ ዘለለ። "ምኗን?"

"ሦስት ማዕዘኗን! ከላይ ያለችውን! እንዳትነካት!"

"ሴትዮ፣ እንኳን ልነካት አልደርስባትም" አለኝ።

አቀፍኩት። ምን እንደሆንኩ አልገባውም። በኋላ አስረዳሃለሁ አልኩት። ብርሃኗን ወደ "እሺ" መራት፣ አውራ ጣቱን አሳረፈ፣ ተጫነ። ያች ክብ ነገር ተሽከረከረች። ተሽከረከረች። ከዚያ ቆመች።

ተገናኝቷል።

እልል አልኩ። ጎረቤት ግድግዳ መታ፤ ይምታ!

ከሰዓት ሚጢ ደወለችና ጨዋታው ላይ ገባች። ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "ማን አስገባው?" አለች፣ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም።

"እጄ ነዋ!" አለ አባቷ። "ወርቁ!"

ስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። የኔን እንባ አልወረሰችም ያልኩት ውሸት ነው። "እሳቷም እዚህ አለች፤ ቆይ ብቻ!" አልኳትና በለቅሶዋ ላይ ሳቀች።

ተጫወቱ። መስቀሏ ኳስ ታቀብላለች፤ እሱ የሚችለው እሷን ብቻ ስለሆነ የሱ ተጫዋቾች ሁሉ ሲቀባበሉ ዋሉ፣ ወደ ጎል የሚመታ ጠፋ። በሰፊው ተሸነፈ። ዳኛው ተገዝቷል አለ። እንደገና ይሁን አለ፣ እንደገና ተሸነፈ። ሁለተኛው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ግን አውራ ጣቱ ከመስቀሏ ተነስቶ ትንሽ ወደ ላይ፣ ጎል ወደምትመታው ቁልፍ፣ ሲሞክር አየሁት። አልደረሰም። ግን ሞከረ።

ሲጨርሱ ላብ በላብ ሆኗል። እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ትንሽ ተቀመጠና "ለሱቁ ባለቤት መደወል አለብኝ" አለ። "ነገ እንዳይመጣ። ቁልፉ እኔ ጋ ይቆይ።"

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ አጠገብ ነው ያለው። እጄ ተዘረጋ፤ ቁጥሩንም በቃሌ አውቀዋለሁ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የምደውለው። ከዚያ እጄን መለስኩና ስልኩን ወደሱ ገፋሁት።

በቀኝ እጁ አውራ ጣት አንድ ቁጥር ነካ። ሳተ፣ አጠፋ፣ ደግሞ ነካ። መስኮቱ ላይ ፀሐይዋ ዞር አለች። እኔም እጆቼ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት።